የፋሲካ ዶሮ ወጥ ትዕዛዝ፦ ደንበኛን ሳይጨቀጭቅ የሚያስወስን መልእክት እንዴት ይጻፋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ምግብ ቤት ካላችሁ ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ መሥራት ትፈልጋላችሁ። ደንበኛ ግን «እደውላለሁ» ይልና እስከ ቅዳሜ ጠዋት ይጠፋል። ብትጎተጉቱት ይሰለቻል፤ ዝም ብትሉ ደግሞ ስንት ዶሮ እንደምትገዙ አታውቁም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለአንድ ነገር ብቻ ናቸው፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ትዕዛዝ። በመጨረሻ ስለ ሌሎቹ በዓላት ጥቂት አለ።

ደንበኛው ቶሎ እንዲወስን የሚያደርገው ምንድን ነው? ጥሩ ጥሩ ቃላት?

አይደለም። ወጥ ቤቱ ነው። መልእክት ከመጻፋችሁ በፊት ወጥ ቤት ገብታችሁ ዋናዋን ወጥ ሠሪ ሁለት ነገር ጠይቋት፦ ስንት ዶሮ ትችያለሽ? ስንት ዶሮ እንደሆነ መቼ ማወቅ አለብሽ?

አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለ መካከለኛ ቤት እናስብ። ሦስት ትልልቅ ድስት አለው። አንዱ ድስት 10 ዶሮ ይይዛል። ሁለት ዙር ይሠራል፤ ስለዚህ 60 ዶሮ ነው። ወጥ ሠሪዋ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ገደማ ቀይ ሽንኩርት ትቆጥራለች። ይህ 120 ኪሎ ሽንኩርት ነው፤ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ሰዓታት የሚቁላላ። ሽንኩርቱ ሐሙስ ይገዛል፤ ሐሙስ ማታ ይላጣል። ዓርብ ስቅለት ነው። ሠራተኛው ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል፤ ቁሌቱ የሚጣደው ማታ ሲመለሱ ነው። ዶሮው ቅዳሜ ንጋት ይታረዳል፤ ነጋዴው ግን ቁጥሩን ቀድሞ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ዶሮ ይወደዳል፣ ደህና ደህናውም ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ የትዕዛዝ መዝጊያው ራሱ ወጣ፤ ረቡዕ ማታ። የፈጠራችሁት ቀን አይደለም። የሐሙስ ገበያ የወለደው ቀን ነው። ደንበኛው ይህን ሲሰማ አይከፋውም። እናቱም ቤት ውስጥ እንደዚሁ ነው የምታደርገው።

ከ60ው ላይ 4 ዶሮ ለመጠባበቂያ አስቀምጡ። ከድስቱ ሥር ጥቂት ሊያር ይችላል፤ የተሳሳተ ትዕዛዝም አይጠፋም። ስለዚህ የሚሸጠው 56 ነው፤ በመልእክቱም የሚጻፈው 56 ነው።

እሺ፣ የቴሌግራም ማስታወቂያው ምን ይበል?

ይህን ወስዳችሁ በራሳችሁ ቁጥር ሙሉት።

«የፋሲካ ዶሮ ወጥ ትዕዛዝ መቀበል ጀምረናል።

አንድ ሙሉ ዶሮ፣ 12 ብልት፣ ከ12 እንቁላል ጋር። በሀገር ቅቤ የተሠራ። ዋጋው ___ ብር ነው፤ ቫት ተጨምሮበታል።

ዘንድሮ የምንቀበለው 56 ትዕዛዝ ነው። ከዚያ በላይ ብንይዝ ሽንኩርቱን እንደሚገባው ማብሰል አንችልም።

ትዕዛዝ የሚዘጋው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሐሙስ ጠዋት ገበያ እንወጣለን።

ወጡን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መውሰድ ይቻላል። ቀድመው ያዘዙ የሚወስዱበትን ሰዓት ይመርጣሉ።

ለማዘዝ በዚህ ቁጥር ይደውሉ፦ ___

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።»

ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንድም የቃል አጋኖ የለበትም። «እንዳያመልጥዎ!»፣ «ፍጠኑ!»፣ «ዛሬውኑ!» የለም። ግን አንባቢው ሲጨርስ ስልኩን ያነሳል። ቁጥር አለ፣ ቀን አለ፤ ለሁለቱም ምክንያት አለ። ምክንያቱ የተቀመጠው ከቁጥሩ ቀጥሎ ነው። «56 ብቻ» ብላችሁ ብትተዉት የሻጭ ብልጠት ይመስላል። «ከዚያ በላይ ብንይዝ ሽንኩርቱን እንደሚገባው ማብሰል አንችልም» ሲባል ግን ስለ ወጡ ጥራት እያወራችሁ ነው። ያልበሰለ ሽንኩርት የገባበት ዶሮ ወጥ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም።

ዋጋውን አትደብቁ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነገር ሰውን ያናድዳል። ቫቱንም መጨረሻ ላይ አትጨምሩበት።

ሰዓቱም ላይ ተጠንቀቁ። «እስከ 12 ሰዓት» ብቻ ካላችሁ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ ብሎ ይረዳዋል። የውጭ ሀገር ሰዓት የለመደው ደግሞ እኩለ ቀን ይመስለዋል። ሁልጊዜ «ከምሽቱ» ወይም «ከቀኑ» በሉ።

«እንኳን አደረሳችሁ» ብለን ብንጀምርስ?

ገና አልደረሰማ። ከበዓሉ በፊት «በሰላም ያድርሳችሁ» ነው የሚባለው። «እንኳን አደረሳችሁ»ን ለእሑድ አቆዩት፤ ያን ቀን ምንም ሳትሸጡ እሱን ብቻ ላኩ።

ስንት ጊዜ እንላክ? መቼ መቼ?

ለሁሉም ደንበኛ ሁለት ጊዜ፣ ለተወሰኑት ሦስተኛ። ከዚያ በላይ መነዝነዝ ነው።

የመጀመሪያው ከኒቆዲሞስ ማግስት ሰኞ ይውጣ፤ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ቢላክ ሰው አይሰማም፤ የፋሲካን ወጪ ገና ማሰብ አልጀመረም። ሁለተኛው ለሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ። ብዙ ሰው በዓሉን ማን ቤት እንደሚያሳልፍ የሚወስነው በዚያ ሰሞን ነው። በዚህኛው ላይ የቀረውን ቁጥር ጻፉ።

ሦስተኛው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ግን ለሁሉም አይደለም። ደውለው ጠይቀው ላልወሰኑት ብቻ። እነሱ ማስታወሻ ይጠብቃሉ፤ ሌላው ሰው ግን በሰሙነ ሕማማት የዶሮ ማስታወቂያ ሲደርሰው ደስ አይለውም። ያ ሳምንት ሰው ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጥበት ነው። ሐሙስና ዓርብ ፈጽሞ ምንም አትላኩ።

ስለ ፎቶም አንድ ነገር። 55 ቀን ለጾመ ሰው ቅቤ የሚያብለጨልጭበት የዶሮ እግር በሕማማት ማሳየት በእኔ አስተያየት ነውር ነው። የሚቁላላ ሽንኩርትና በርበሬ፣ ወይም የተደረደሩ ድስቶች አሳዩ። ይበልጥ የሚያስጎመጀውም እሱ ነው።

በኤስኤምኤስ ብንልከው ይሻላል?

ቴሌግራም ለማይጠቀሙ ታላላቆች፣ አዎ። ግን በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ባዶ ቦታና አራት ነጥብ ሁሉ ይቆጠራል። ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ ይሄዳል፤ ሂሳቡም የሁለት ነው። ይህ ይበቃል፦

«የፋሲካ ዶሮ ወጥ ትዕዛዝ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። 23 ዶሮ ቀርቷል። ለማዘዝ ይደውሉ።»

58 ፊደል ነው። በቀረው 12 የቤቱን ስም አስገቡ። ስሙ ካልገባ ማን እንደላከው አይታወቅም።

«23 ቀርቷል» ከማለት «ጥቂት ቀርቷል» ማለት አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን ማንም አያምነውም። «ጥቂት» የሚለውን ቃል የመርካቶ ጫማ ሻጭ እስከ ማታ ሲጮኸው ይውላል። ቁጥሩ ግን እውነት መሆን አለበት። 40 ቀርቶ «5 ቀርቷል» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ከሕጉ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። አምስት ብቻ ቀረ ያላችሁትን ሰው ጓደኛው ከሁለት ቀን በኋላ ያለችግር ካዘዘ፣ ሁለቱ ማክያቶ ላይ ተገናኝተው ያወሩታል።

ቁጥሩን የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር። አንድ ደብተር፣ ከ1 እስከ 56 የተጻፈ፣ ካሽሯ ጠረጴዛ ላይ። በስልክ የመጣውም፣ በቴሌግራም የመጣውም፣ አስተናጋጅ የተቀበለውም እዚያው ይገባል። ሁለት ደብተር ካለ ቅዳሜ ጠብ አለ።

ደንበኛ ደውሎ ቢያመነታስ? እዚህ ላይ ነው የምንበላሸው።

ልክ ነው፤ አብዛኛው ቤት የሚበላሸው ስልክ ላይ ነው። ማስታወቂያው ጨዋ ሆኖ ስልክ የሚያነሳው ልጅ «ቶሎ ካልወሰኑ ያልቃል» ካለ ሁሉም ከንቱ ነው። የሚከተለውን አስጠኑት። ደዋይዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው እንበል።

— ጤና ይስጥልኝ፣ የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ዓይቼ ነበር።
— ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አዎ፣ እየተቀበልን ነው። ለስንት ሰው አስበው ነው?
— ስምንት እንሆናለን። ልጄ ግን ከአዋሳ ትምጣ አትምጣ አላውቅም።
— ገባኝ። ለስምንት አንድ ዶሮ ይበቃል፤ እንቁላሉም 12 ነው። ልጅዎ የምትመጣ ከሆነ መቼ ያውቃሉ?
— ማክሰኞ ትነግረኛለች።
— እንግዲያው አይቸኩሉ። መዝጊያችን ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ሐሙስ ገበያ ስለምንወጣ ከዚያ አናልፍም። አሁን 23 ቀርቷል። ረቡዕ ጠዋት አንድ ጊዜ ልደውልልዎ?
— ደውልልኝ ልጄ።
— እሺ እትዬ። እስከዚያ ካለቀ ግን ቀድሜ እነግርዎታለሁ።

ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለ ሰው ብዛት ነው። የሴትዮዋ ጭንቀት ዋጋ አይደለም፤ የልጃቸው መምጣት አለመምጣት ነው። እሱን ሳይሰማ ስለ ወጡ ጣዕም ቢደረድር ኖሮ ስልኩን ይዘጉበት ነበር። «አይቸኩሉ» አለ፤ ወዲያው ግን ቀኑንና ቁጥሩን ነገራቸው። ከዚያም ለመደወል ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃድ ሰጥቶ የተደወለለት ሰው አይቆጣም። ሳይጠይቅ የሚደወልለት ግን ቁጥራችሁን ይዘጋል።

«እስከዚያ ካለቀ ቀድሜ እነግርዎታለሁ» የምትለዋን ቃል ካልጠበቃችሁ ባትናገሯት ይሻላል። 3 ሲቀር ካሽሯ ደብተሩ ላይ «ይደወልላቸው» ተብሎ ለተጻፈላቸው በተራ ትደውል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ለማታውቁት ሰው «አንቺ» ወይም «አንተ» አይባልም። ደዋዩ ራሱ «አንተ በለኝ» ካላለ በስተቀር «እርስዎ» ነው፤ ድምፁ የወጣት ቢመስልም።

አስተናጋጆችስ ምን ይበሉ?

በጾሙ ወራት ምሳ በያይነቱ የሚበሉ ቋሚ ደንበኞች ዋነኞቹ ገዢዎቻችሁ ናቸው። ምግብ ላይ እያሉ አታቋርጧቸው። ሂሳብ ሲቀርብ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፦ «ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ እንሠራለን፤ ከፈለጉ ረቡዕ ሳይደርስ ይንገሩኝ።» ከዚያ ዞር። ደንበኛው ከጠየቀ ይብራራል፤ ካልጠየቀ በቃ። በሚቀጥለው ቀን ለዚያው ሰው አይደገምም።

ቀብድ ስንጠይቅ ሰው ይሸሻል። እንተወው?

አትተዉት። ቀብድ ያልተከፈለበት ትዕዛዝ ትዕዛዝ አይደለም፤ ሐሳብ ነው። ከ56ቱ 12ቱ ቅዳሜ ቢቀሩ 12 ሙሉ ዶሮ ወጥ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሰው የሚሸሸው ከቀብዱ ሳይሆን ከአጠያየቁ ነው። እንዲህ በሉ፦

«ትዕዛዙን ለመያዝ ግማሹን በቴሌብር እንቀበላለን። ሐሳብዎን ከቀየሩ እስከ ረቡዕ ማታ ሙሉውን እንመልሳለን። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ዕቃው ስለሚገዛ መመለስ አንችልም።»

መመለሱ ከአለመመለሱ በፊት መጣ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ገንዘቡ ሲገባ ወዲያው የትዕዛዝ ቁጥር ላኩላቸው፦ «ደርሶናል። የእርስዎ ቁጥር 34 ነው፤ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ይውሰዱ።» ይህች መልእክት ከሌለች ደንበኛው ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ እየደወለ «ደርሷችኋል ወይ?» ይላል። ያን ጊዜ የሚጨቀጭቀው እሱ ይሆናል።

ቀድሞ ላዘዘ ቅናሽ ብናደርግ አይፈጥንም?

ይፈጥን ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርም። ለበዓል ምግብ ቅናሽ ሲባል ሰው «ምን ጎድሎበት ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። ከዚህ የሚሻለው ሰዓት ማስመረጥ ነው። ቀዳም ሥዑር ከሰዓት በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል። የፒያሳ ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ ደግሞ ብዙ የድሮ ደንበኛ ወደ ዳር ሰፈሮች ሄዷል፤ ለእሱ ከቀኑ 8 ሰዓት መውሰድና ከምሽቱ 1 ሰዓት መውሰድ ትልቅ ልዩነት አለው። በየሰዓቱ 10 ሰው ገደማ ከመደባችሁ ሰልፍም አይኖርም። መጀመሪያ ያዘዘው ይመርጣል። ይህ ገንዘብ አያስወጣችሁም፤ ለደንበኛው ግን ቶሎ ለመወሰን በቂ ምክንያት ነው።

ሲወስዱ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ወጡ በዶሮ ጩኸት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እስኪበላ ድረስ ሰዓታት ስላሉ ፍሪጅ ይግባ፣ ሌሊት በደንብ ይፍላ።

ካለቀ በኋላ ለሚደውል ምን እንበል?

«ይቅርታ፣ 56ቱም ተይዟል። ሰው ከሰረዘ እስከ ረቡዕ ማታ ልደውልልዎ?»

ይኸው ነው። «ለእርስዎ ብለን አንድ እንፈልጋለን» አትበሉ። አንድ ጊዜ ከተባለ የ56 ቁጥር ውሸት መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። የቅርብ ዘመድ ቢደውልም መልሱ ያው ነው፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ ራሱ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው። መጠባበቂያዎቹ 4 ዶሮዎች ቅዳሜ እስከ ማታ ካልተነኩ ግን በቴሌግራም በግልጽ ጻፉ፦ «ለመጠባበቂያ የያዝናቸው 4 ዶሮዎች ተርፈዋል፤ ቀድሞ ለደወለ።» ምክንያቱ ስለተነገረ ማንም አይከፋም።

መልእክታችን ጭቅጭቅ እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ከሁለተኛው መልእክት በኋላ ቻናሉን የለቀቀው ሰው ከመጀመሪያው በኋላ ከለቀቀው ከበዛ፣ ወይ ቶሎ ልካችኋል ወይ ቃሉ ከብዷል። ሌላው ምልክት ስልኩ ላይ ይሰማል። ሰው ደውሎ «እውነት ረቡዕ ነው የሚዘጋው?» ካለ ምክንያቱ አልገባውም። «ስንት ነው?» የሚል ከበዛ ዋጋው በደንብ አይታይም። «ማታ ነው ጠዋት?» ካለ ያው የሰዓቱ ችግር ነው። ስልክ የሚያነሳው ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች በየቀኑ ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፍ፤ ሁለተኛው መልእክት በእነሱ ይታረማል።

ትዕዛዙ ማክሰኞና ረቡዕ ቢከመር ግን አትደንግጡ። ሰዉ እንዲህ ነው።

ይኸው መልእክት ለገናና ለእንቁጣጣሽ ይሆናል?

ለገና ብዙም አይለወጥም። እዚያም ጾም አለ፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ መዝጊያውን ብቻ ከገበያችሁ ቀን ተነስታችሁ ቁጠሩ። እንቁጣጣሽ ግን ይለያል። ከፊቱ ረጅም ጾም ስለሌለ ሰው የሚበላው በምሳ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ጾም ነው፤ እንደ ገናና ጥምቀት አይሻርም። የ2019 እንቁጣጣሽ የሚውለው ዓርብ ነው። ስለዚህ የመውሰጃውን ቀን እናንተ ወስናችሁ አትጻፉ። ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ይሁን፦ «ሐሙስ ለዋዜማው ይሁንልዎ ወይስ ለቅዳሜ ምሳ?» መልሱን በሁለት ዓምድ ያዙት፤ ድስቱም ለሁለት ቀን ይከፈላል። ማስታወቂያው ላይም አንድ መዝጊያ ሳይሆን ሁለት ይጻፋል።